ማህተም ያለው ቀጠሮ

ሰውየውን ዛሬም መንገድ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል። ሶዶ ሰው የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም፤ አንዴ መናኸሪያው አካባቢ፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኛለን። እሱ ፈገግ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ እኔ ስልኩን እንደሚያይ ሰው አንገቴን አቀረቅራለሁ። ይቅር በለው ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። በአፌ ብያለሁ። ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ ካለ አልችልም።

እኔ እዚሁ ሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚያሳፍረኝ ነው። እናቴ ቦዲቲ ትኖራለች። አዬ ነው የምንላት፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አማርኛዋ ለገበያና ለቢሮ የሚበቃት ያህል ነው፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ወረቀት ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። የመሬት ግብር ደረሰኝ ሲመጣ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ፣ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ትይዝና ቅዳሜ ስሄድ ትሰጠኛለች።

አንዲት እህት አለችኝ፤ ባሏ ጋ ውጭ አገር ነው የምትኖረው። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። በሦስተኛው ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሺ አላት። ባሏ የፈረቃ ሠራተኛ ነው፣ ዘመድ በአጠገባቸው የለም። በስልክ አለቀሰችና «አዬ ትምጣልኝ፤ ስወልድ አጠገቤ ትሁን» አለች። አዬ የማንም ልጅ ስትወልድ ቀርታ አታውቅም። ምራቶቿን፣ የወንድሟን ልጆች፣ የጎረቤቶቿን ሁሉ አርሳለች። ለገዛ ልጇ ልትቀር ነው? በዚያው ሳምንት ቅቤ አንጥራ በማሰሮ አኖረች፣ የወላይታውን የቃሪያ ማባያ፣ ዳታውንም፣ ፈጭታ አዘጋጀች። ቃሪያና ቅመም በአውሮፕላን እንደማያሳልፉ ብነግራትም አልሰማችኝም።

እህቴ «ቅጹንም ቀጠሮውንም እኔ ከዚህ እጨርሰዋለሁ» ብላ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። «አንቺ ተኚ፤ እዚህ ባለሙያ አለ» አልኳት። ወንድምነቴን ላሳይ ብዬ ነው መሰለኝ።

ባለሙያው ይሄው ሰውዬ ነው። ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ የአውሮፕላን ፎቶና አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ተሰቅሏል። ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየልን። አዬ «አሜን» ስትል እንባዋ መጣ። ከዚያ ጉዳዩን አስረዳን፤ የተናገረውም ስህተት አልነበረም። መጀመሪያ ቅጹ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ቀጥሎ የኤምባሲው ክፍያ በባንክ ይገባል፤ ባንኩ በሚሰጠው ቁጥር ደግሞ ቀጠሮ ይያዛል። «ቀጠሮ አሁን ጠባብ ነው ቲቸር፤ እኛ ግን ቀን ከቀን ስለምንከታተል እናገኛለን» አለኝ። የኤምባሲውንም የራሱንም ክፍያ አንድ ላይ ተቀበለ። የይለፍ ቃሉን «ከእኛ ጋ ይሁን፣ እንዳይጠፋ» አለ። እኔም እሺ አልኩ።

በሳምንቱ ደወለልኝና ሄድኩ። አንድ ገጽ ወረቀት አወጣልኝ። የአዬ ፎቶ አለበት፣ የፓስፖርት ቁጥሯ አለበት፣ ያ ሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር መስመርም አለበት። «አለቀ» አለኝ። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጌ አየሁና ያልኩትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ማህተም የለውም።»

ሃያ ዓመት በመንግሥት ደመወዝ የኖረ ሰው ወረቀት ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ማህተሙን ነው። ማህተም ከሌለው የዝውውርም ሆነ የዕድገት ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት መስኮት አያልፍም። ሰውየው ትንሽ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ያኔ አልገባችኝም። መሳቢያውን ሳበ፣ ክቡን ማህተም አወጣ፣ እፍ አለበትና አሳረፈው። «ቀኑንም ጻፍበት» አልኩት። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቀጠሮ፦ ማክሰኞ ጠዋት 2፡30» ብሎ ቀኑንና ወሩን ጨመረበት። ሁለት ወር የሚያስጠብቅ ቀጠሮ ነበር፤ ለእህቴ መውለጃ በደንብ ይደርሳል። አመስግኜው ወጣሁ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው። ከታች በኩል በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበረበት። አላነበብኩትም።

አዬ ወረቀቱን ተቀብላ ማህተሙን በጣቷ ዳበሰችው። «ይሄ የመንግሥት ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ሁሉ አልቋል» አልኳት።

ከቀጠሮው ቀን በፊት ከሶዶ ተነሳሁ፤ እሷ ቦዲቲ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት፤ አብረን አዲስ አበባ ገባን። ዘመድ ቤት አደርን። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኤምባሲው በር ላይ ተሰልፈናል። አዬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ አብርቷል። ተራችን ደረሰና ወረቀቱን ለዘበኛው ሰጠሁት።

«ይሄ ቅጹ ነው» አለኝ። «የቀጠሮው ወረቀት የታለ?»

«ይሄው ነው። ማህተም አለው፣ ቀኑም ተጽፏል።»

«የማን ማህተም?» አለና ጠጋ ብሎ አየው። ከዚያ በእጁ ከያዘው ዝርዝር ላይ የአዬን ስም ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ደግሞ ፓስፖርቷን ተቀብሎ በቁጥሩ ፈለገ። «ስማቸው የለም። ቀጠሮ አልተያዘላቸውም።» ወረቀቱን ሲመልስልኝ በደህና ሰው ድምፅ፣ ሊረዳኝ ብሎ፣ «እታች ተጽፏል እኮ፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ያንብብላችሁ» አለኝ።

ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ሰሙ። አዬ እጄን ነካችና በወላይትኛ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቀኑ ተቀይሯል አለ» አልኳት። ዋሸሁ።

ከሰልፉ ወጥተን እሷ ጥላ ሥር ስታርፍ እኔ አጥሩን ተደግፌ ወረቀቱን አነበብኩት። ቅጹ መግባቱን ብቻ እንደሚያረጋግጥ፣ ይህም የመጀመሪያው እርምጃ እንደሆነ፣ ቀጠሮ ለመያዝ ገና ክፍያ መፈጸምና ወደ ቀጠሮው ገጽ መግባት እንደሚያስፈልግ ይላል። ቃላቱ የዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ተማሪ ቢሳሳታቸው በቀይ የማሰምርባቸው ቃላት ናቸው። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ሶዶ ስገባ ቤቴ እንኳ አልሄድኩም። በቀጥታ ያን ፎቅ ወጣሁ። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንዴት ነው፣ ተሳካ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስሟ የለም! ቀጠሮ አልያዝክላትም!»

«ሲስተም ነው ቲቸር። አንዳንዴ ኤምባሲው ራሱ ይሰርዛል።»

«የባንኩን ደረሰኝ አሳየኝ። ከፍለህ ከነበረ ቁጥር አለው።»

«ደረሰኙ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ጋ ነው። ሐሙስ ና።»

ሐሙስ ሄድኩ። ኔትወርክ የለም። ሰኞ ሄድኩ። ልጁ ታሟል። ከዚያ በኋላ ቢሮው ተዘግቶ አገኘሁት፣ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም አለ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ደረጃው ላይ አግኝቼው «የይለፍ ቃሉን ስጠኝና እኔው ልያዝ» ብዬ ብጠይቀው «የድርጅቱ አሠራር አይፈቅድም» አለኝ። የድርጅቱ አሠራር! ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ማህተም በስተቀር ድርጅት የሚባል ነገር አላየሁም። ያን ቀን ኮሌታውን ይዤዋለሁ። አልክድም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው ወጥቶ ያላቀቀን። እግሬ እስኪቀጥን በተመላለስኩበት በዚያ ሁሉ ቀን እህቴ አልጋ ላይ ሆና ቀን ትቆጥር ነበር።

ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ለቪዛ ቀጠሮ ክፍያ ተቀብሎ ቀጠሮ ስላልያዘ የጉዞ ወኪል» አልኩት። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጠኝ፤ ለሰውየው መጥሪያ ተጻፈለት።

መጥሪያው በደረሰው በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ቦዲቲ አዬ ቤት ሄዱ። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው እኔንም ያጠመቀኝ ነው። ቅዳሜ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። በጸሎት ጀመሩ፤ በዚህ አገር የማይጸለይበት ተንኮል የለም። አማኝ አማኝን መክሰስ እንደሌለበት፣ ሰውየውም ስህተቱን እንዳመነ፣ ገንዘቡን ቀስ ብሎ እንደሚመልስ ነገሩን። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አዬ በእጇ አስቆመችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ ሳትወልድ ሊያደርሰኝ ይችላል?»

ተያዩ። ያጠመቀኝ ሽማግሌ «እሱማ አሁን በእጁ አይደለም» አለ።

«እንግዲያው ለምን መጣችሁ?» አለች። ይህን ያህል ሻካራ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ምግብ አቀረበችላቸው፤ እነሱም በሉ። አቤቱታውን ግን ተዪ ቢሏትም አልተወችም።

እህቴ የወለደችው ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሴት ልጅ ነች፤ ደህና ናቸው። ባሏ ሥራ ላይ ነበር፤ አጠገቧ የነበሩት ነርሶቹ ብቻ ናቸው። በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን አዬ ፊት ያዝኩላት። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እህቴ ታለቅሳለች። አዬ «ቅቤ ጠጪ፣ ወገብሽን እሰሪ፣ ብርድ አይግባሽ» እያለች በስክሪኑ ላይ ትጮሃለች። እህቴ «ማን ይሰርልኛል፣ አዬ?» አለቻት። ስልኩ ሲዘጋ አዬ ማሰሮውን ከመደርደሪያ አወረደችና ጎረቤት ላለች አራስ ይዛላት ሄደች። ሸኝቻት ስመለስ ሰውየውን የመግደል ያህል ጠላሁት።

ንግድ ጽሕፈት ቤት የተጠራነው በዚያው ሳምንት ነው። አዬ «እኔም እሄዳለሁ» ብላ በጠዋት ከቦዲቲ መጣች። ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ፈጣንና ቁጡ ሴት ነች፤ ወዲያው ወደድኳት። ሰውየው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፋይል ይዞ መጥቷል።

«ቀጠሮ ይዣለሁ ነው የምትለው ወይስ አልያዝኩም?» አለችው።

«በሂደት ላይ ነበር።»

«አካውንቱን ክፈት። እዚህ፣ ፊታችን።»

ማንገራገር ጀመረ። ፈቃዱን በተመለከተ አንድ ሁለት ቃል ስትናገረው ከፈተው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአዬ ስም አለ፤ የቅጹ ቁጥር አለ። የክፍያ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው። ቀጠሮ የሚለው ቦታም ባዶ ነው። ክፍያ ተመዝግቦ አያውቅም። የኤምባሲውን ክፍያ ከእኔ ከተቀበለበት ቀን አንስቶ ባንክ አላስገባውም ማለት ነው። «ያውልሽ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሰውየው ግን ለዚህም ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ከፋይሉ የደረሰኙን ቀሪ አወጣ። «ቅጽ መሙላትና ማማከር» ይላል። «እኔ የተከፈለኝ ለዚህ ነው፤ ሠርቼ አስረክቤያለሁ። የኤምባሲውን ክፍያ በአደራ ነው የያዝኩት፣ እመልሳለሁ። ቀጠሮ ያዝኩ ብዬ ግን አልሰጠኋቸውም። የሰጠሁት የቅጽ ማረጋገጫ ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። እታች ምን ይላል? ያንብብላቸው፤ ለእናቱም ይተርጉምላት።»

አዬ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ባለሙያዋ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ አቀረበችልኝ። «ያንብቡት መምህር፤ መዝገብ ላይ መግባት አለበት።»

አነበብኩት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ለባለሙያዋ በአማርኛ፣ ከዚያ ለእናቴ በወላይትኛ። በሦስት ቋንቋ ራሴን አዋረድኩ። ይህ ቀጠሮ አይደለም። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ቀጠሮ ገና ይያዛል። ወላይትኛው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ አዬ ግን ሰምታኛለች።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። ያቺ ፈገግታ መጣች። ያኔ ነው የገባችኝ፤ ማህተም ስጠይቀው ያላነበበ ሰው መሆኔን አውቋል።

«ጥሩ» አለች ባለሙያዋ። «ይሄ የማን ማህተም ነው?»

«የእኔ ነው፤ መምህሩ አድርግበት ስላሉኝ ነው።»

«እጅህን ይዘው ነው ያስመቱህ? ይሄ ጽሕፈትስ የማን ነው?»

«የእኔ፤ ግን ግምት ነው። በዚያ ቀን ይገኛል ብዬ...»

«ግምት ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል? እኚህ እናት በግምትህ አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ? "ቀጠሮ" ብለህ ጽፈህ፣ በድርጅትህ ማህተም አጽንተህ ሰጥተሃል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ያለውን ይበል፤ አንተ በአማርኛ ያልከው ይሄ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። በሞኝነቴ ያስመታሁት ማህተም አነቀው። የወሰደውን ሁሉ በዚያው ሳምንት እንዲመልስ፣ የይለፍ ቃሉን እዚያው እንዲያስረክብ፣ የፈቃዱም ጉዳይ ለበላይ እንዲቀርብ ቃለ ጉባኤ ተጻፈና ፈረመ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ባለሙያዋ አዬን «እናቴ፣ የሚሉት ነገር አለ?» አለቻት።

አዬ ወንዱንና ሴቱን በሚያደባልቀው አማርኛዋ ለመናገር ቆም ብላ ቃል ፈለገች። «ልጄ ወልዷል» አለች። «ብቻውን ወልዷል። አሁን ብሩ መጣ፤ ብር አራስ ያርሳል?» ሰውየው ተነስቶ ከጉልበቷ ሊወድቅ ሲል ጉልበቷን ሰበሰበች። «ይቅር ብዬሃለሁ። አትንካኝ» አለችው።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የቦዲቲ ሚኒባስ እስኪሞላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስኮቱን እያየች በወላይትኛ «ያ ዘበኛ እታች ተጽፏል ብሎህ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንተ ቀኑ ተቀይሯል አልከኝ።»

«አዎ፣ አዬ።»

ሚኒባሱ ሞላና ወረድኩ። እጇን አላወዛወዘችልኝም።

በዚያው ሳምንት የኤምባሲውን ክፍያ ራሴ ባንክ ሄጄ ከፈልኩ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ የቀን መቁጠሪያውን ከፈትኩ። ቅርብ የተገኘው ቀን ስምንት ወር ይርቃል። ያዝኩት። እስከዚያ ሕፃኗ ጥርስ ታበቅላለች። ቅዳሜ አዲሱን ወረቀት አትሜ ቦዲቲ ሄድኩ። ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። የማንም ማህተም የለበትም።

«ይሄኛው ትክክለኛው ነው፤ ሁሉ አልቋል» አልኳትና ላጣጥፈው ስል እጄን ያዘችኝ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ዘረጋችው፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ አስተካከለችው፣ ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

«አንብበው» አለች። «እስከ ታች።»

አነበብኩላት። የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሼ ሳቆም ጎንበስ ብላ፣ በማታነበው ዓይኗ፣ ከሥር ያልተነበበ ጥቁር ጽሕፈት ቀርቶ እንደሆን ወረቀቱን መረመረች።